ከቤተሰብ ፎቶ መሃል የአንዱን ማሊያ ማውለቅ

ከክርስትናው በሦስተኛው ቀን እናትየው ፍላሽ ይዘው ስቱዲዮ መጡ። ፎቶው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ግቢያቸው ውስጥ የተነሳ ነው። ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ስምንቱ ነጭ በነጭ ናቸው፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ እጀ ጠባብ። ዘጠነኛው ትንሹ ልጃቸው ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከአውቶብስ ወርዶ በቀጥታ ተሰልፏል። የለበሰው ደግሞ ቀይ የኳስ ማሊያ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ቀይ ነገር አውልቅልኝ» አሉ። «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ሌላውን ግን እንዳትነካብኝ፤ በተለይ አባቱን።»

ማልበስ ቀላል ነው። ከባዱ ያ «እንዳትነካብኝ» ነው። የእርሻ ማሳ ያለው ሰው ድንበር መግፋት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። እዚህም ያው ነው፤ አንድ ጣት ብትገፋ የአባትየው ጋቢ ይሳሳል፣ የእህትየው ጣት ይቆረጣል። እኔ የምሠራው በፎቶሾፕ ስለሆነ የምጠራቸው ስሞች የዚያ ናቸው። GIMP የምትጠቀሙም ሐሳቡን ትወስዱታላችሁ።

መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ማየት

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ ብዙ ሰው ወዲያው ልብስ ፍለጋ ይገባል። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ፎቶውን 200% አጉልቼ በሰውየው ዙሪያ ቀስ ብዬ እዞራለሁ። ማን ከፊቱ ነው? ማን ከኋላው? ማን ነክቶታል?

በአንድ በኩል አባት አሉ። ጋቢያቸው የልጁን ትከሻ በከፊል ሸፍኗል፤ ስለዚህ እሳቸው ከፊት ናቸው። በሌላው በኩል እህቱ አለች። ነጠላዋ ትከሻው ላይ ወድቋል፣ ጣቶቿ ደግሞ ክርኑ አጠገብ ክንዱን ይዘዋል። ከኋላ አጎቱ አለ፤ ረጅም ስለሆነ ደረቱ ከልጁ ትከሻ በላይ ይታያል።

ሦስት ጎረቤት ማለት ሦስት የተለያየ ችግር ነው። ጋቢው ወፍራም ነው፤ ምንም አያሳይም። ነጠላው ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀይ ያሳያል። አጎቱ ከኋላ ስለሆነ አዲሱ ልብስ ትንሽ ከሰፋ ይሸፍነዋል፣ ከጠበበ ደግሞ ያልነበረ የአጎት ልብስ መፍጠር ሊኖርብኝ ነው።

ልብሱን የምንመርጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚመርጡት ጎረቤቶቹ ናቸው።

የትኛው ልብስ?

እናትየው የፈለጉት ነጭ እጀ ጠባብ ነው። ሁሉም ነጭ ስለለበሰ ልክ ናቸው። ችግሩ ነጠላው ነው። ከእህትየው ነጠላ ሥር ቀይ ማሊያ እየታየ ጨርቁ ሮዝ ሆኗል። ከሥሩ ነጭ ልብስ ላድርግ ብል ያንን የነጠላ ክፍል በሙሉ ከዜሮ መሳል አለብኝ፤ ክሩን፣ እጥፋቱን፣ ጥለቱን። ያ ደግሞ እህትየውን መንካት ነው።

አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ቀለሙን ተዉትና ብርሃኑን ብቻ ተመልከቱ፤ ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ብላችሁ። ማሊያው R 200፣ G 30፣ B 40 አካባቢ ነበር። ወደ ግራጫ ሲቀየር 80 ገደማ ይሆናል። ነጭ እጀ ጠባብ 230 ይደርሳል። ቡናማ ኮት ደግሞ 70 አካባቢ ነው። ከ80 ወደ 70 መሄድ ቀለም መቀየር ብቻ ነው። ከ80 ወደ 230 መሄድ ግን አዲስ ፎቶ መሥራት ነው። ስለዚህ ቡናማ ኮት፣ ከውስጥ ነጭ ሸሚዝ አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው የአያቱን በርኖስ አልብሰው» አሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ቀለሙም ይስማማል። ግን በርኖስ ትከሻ ላይ ይቆማል፣ ወደ ጎንም ይዘረጋል። አባትየውን ከጎን፣ አጎቱን ከኋላ ሊበላ ነው። ኮት ላይ ተስማማን።

ኮቱ ደግሞ ሳይቆለፍ ይሁን አልኩ። ማሊያው ወገቡ ላይ ሰፊ ነበር። የተቆለፈ ኮት ከማሊያው ይጠብና በሁለቱ መሃል ያለው ቀይ ቦታ ባዶ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ ከኋላ ያለው አጎቱ ነው፤ ካሜራው ያላየውን የአጎት ሱሪ ከየት አመጣለሁ? የተከፈተ ኮት ያንን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ልብሱን ማንሳት

ከኢንተርኔት የወረደ ኮት አይሆንም። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ነው፣ ካሜራውም በሌላ ከፍታ ነው። ዓይን ምክንያቱን ባያውቀውም የሆነ ነገር እንዳልተስማማ ይነግራል። ስለዚህ ኮቱን ያንኑ ግቢ ውስጥ፣ ቁመቱ ለሚቀራረብ የአጎቱ ልጅ አልብሰን አነሳነው። የምንወስደው ልብሱን ብቻ ነው። ጭንቅላቱ የዋናው ልጅ ይቀራል።

ሰዓቱ መመሳሰል አለበት። የፎቶው መረጃ 4:10 ይላል። በፈረንጅ ሰዓት ቢሆን ገና ሌሊት ነው፤ የካሜራው ባለቤት በሐበሻ ሰዓት ሞልቶት ነው። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ብዙ ስለሚያጋጥም የሰዎቹን ጥላ ርዝመት አይቼ አረጋገጥኩ፤ የጠዋት አራት ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ቀን ደመና ነበር። ተመለስን። የደመና ብርሃን ጥላ ስለማይሠራ በፀሐይ ከተነሳ ፎቶ ጋር አይዋደድም።

ርቀቱ ከሌንሱ ይበልጣል። ቀረብ ብላችሁ ብታነሱ ደረቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ትከሻዎቹ ይሸሻሉ። ካሜራው የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ከኋላ ያሉትን ነገሮች ተጠቀምኩ። በፎቶው ላይ የዛፉ ግንድ የቆርቆሮውን በር አንድ ጠርዝ ብቻ ሸፍኖታል። ካሜራውን ይዤ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ሄድኩ፤ ግንዱና በሩ ልክ እንደዚያ የተደራረቡበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከቤተሰቡ መስመር 4 ሜትር ገደማ ሆነ። ካሜራውንም ደረት ላይ ያዝኩት፤ ዋናውም ከዚያ ከፍታ የተነሳ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል ነው። እህትየው ክንዱን ይዛለች ብያለሁ። ሰው ኮት ስትይዙት ጨርቁ ይጎደጉዳል፤ ከጣቱ ዙሪያ እጥፋት ይሠራል። ይህ ከሌለ ጣቶቿ ኮቱ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ስለዚህ ያንኑ ቦታ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በጣቷ እንድትይዝልን አደረግን። ለምን ሕፃን? ትንሽ ጣት ስለሆነ በኋላ ከእህትየው ጣት ሥር ይደበቃል። እጥፋቱ ግን ይቀራል። ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳን፤ ልጅቷ በመሃል እየሳቀች አስቸገረችን።

ድንበሩን ማጠር

ዋናውን ፎቶ ክፈቱና ወዲያው በPSD ሌላ ስም ስጡት። ታችኛውን ሌየር ቆልፉት፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይነካውም። ከላዩ አንድ Group ክፈቱ። እኔ ስሙን «ድንበር» እለዋለሁ። ለዚህ Group ማስክ ስጡት። ኮቱ፣ ሸሚዙ፣ ጥላው፣ የቀለም ማስተካከያው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ማስኩ የተሰጠው ለእያንዳንዱ ሌየር ሳይሆን ለGroup ስለሆነ ውስጥ ያለው ብሩሽ ቢስት እንኳ ከድንበሩ አይወጣም። ጎረቤቶቹን መቁረጥና ከላይ መለጠፍ አያስፈልግም። እነሱ ባሉበት፣ በራሳቸው ፒክስል ይቀመጣሉ።

ድንበሩን በPen Tool ሳሉት። Magic Wand ቀዩን በአንድ ጠቅታ ይመርጥና ደስ ይላችኋል፤ ጠርዙ ላይ ግን እንደ መጋዝ ይሆናል። የጋቢውን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቀዩ በአንዴ ነጭ አይሆንም። ሁለት ሦስት ፒክስል ያህል ሮዝ መሸጋገሪያ አለ። ድንበሩን ከሮዙ ውጭ ብታደርጉ ጋቢው ይበላል። ከሮዙ ውስጥ ብታደርጉ ቀይ ክር የመሰለ መስመር ይቀራል። መሃሉ ላይ አስኪዱት፤ ማስኩን ደግሞ በFeather ግማሽ ወይም አንድ ፒክስል አለስልሱት። የቀረውን ሮዝ በኋላ በቀለም ብቻ እናወጣዋለን።

ጣቶቹ ላይ ሌላ ችግር አለ። ማሊያው እጅጌው አጭር ነው። ስለዚህ የእህትየው ጣት ያረፈው በወንድሟ ባዶ ክንድ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጠይም። የት ላይ እሷ አልቃ እሱ እንደሚጀምር አይታይም። Channels የሚለውን ከፍታችሁ ሦስቱን ቻናሎች አንድ በአንድ እዩ። በእኛ ፎቶ Blue ላይ በጣቶቹ ሥር ያለው ቀጭን ጥላ ጠቆር ብሎ ወጣ። እሱን ተከትዬ ሳልኩት። ለአራት ጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አይቆጨኝም።

ኮቱን ማግባት

የኮቱን ፎቶ Group ውስጥ አስገቡና Opacity 50% አድርጉት፤ ከሥሩ ማሊያው ይታያችሁ። በCtrl+T መጀመሪያ የምታገጥሙት ሦስት ቦታ ነው፤ የአንገት ጉድጓድና ሁለቱ የትከሻ ጫፎች። እነዚህ ከገጠሙ መጠኑ ልክ ነው። ከዚያ ክርኑን በWarp አስተካክሉት።

የኮት ትከሻ ገበር ስላለው ከማሊያው ወጣ ይላል። በእኛ 15 ፒክስል ያህል የአጎቱን ደረት ሊሸፍን ነበር። ድንበሩ ቆረጠው፤ ግን የተቆረጠ ትከሻ የተቆረጠ ይመስላል፤ ስፌቱ የለም፣ ክቡም የለም። ስለዚህ ማስኩ እንዲቆርጠው አትተዉት። በWarp ትከሻውን ራሱን ወደ ውስጥ ግፉና የስፌቱ መስመር ድንበሩ ውስጥ ይረፍ።

አንገት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የኮሌታው የፊት ክፍል ከአንገቱ በላይ፣ የኋላው ክፍል ደግሞ ከአንገቱ በኋላ ነው የሚሆነው። የኋላውን ካላወጣችሁት ልጁ ኮሌታውን የዋጠ ይመስላል። ኮሌታውም አንገት ላይ ጥላ ይጥላል። Multiply የሆነ አዲስ ሌየር ላይ፣ ለስላሳ ብሩሽ Flow 15% አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ቀቡት። ቀለሙን ጥቁር አታድርጉት፤ ከራሱ አንገት ጠቆር ካለው ቦታ ውሰዱ። ጥቁር ከሆነ እድፍ ነው የሚመስለው። በእህትየው ጣቶች ሥርም እንደዚሁ ቀጭን ጥላ ኮቱ ላይ ጨምሩ።

ብርሃኑን ለማስተያየት ነጭን በነጭ ለኩ። Info ላይ የአባትየው ጋቢ ፀሐይ የመታው ቦታ 238፣ 236፣ 230 ነበር። አዲሱ ሸሚዝ 250፣ 250፣ 254 አለ፤ ከጋቢው በልጦ አበራ፣ ወደ ሰማያዊም ሄደ። በCurves አወረድኩት። ሸሚዙ ከጋቢው ቢበልጥ የሚያየው ሰው ዓይን መጀመሪያ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ነጠላውና ነጸብራቁ

የእህትየው ነጠላ ያለበትን ቦታ ከኮቱ ውጭ ተዉት። እዚያ ኮት አይገባም። ለብቻው ሌላ Group አድርጉና Hue/Saturation ጨምሩበት። Master ላይ አትሥሩ፤ Reds የሚለውን ምረጡና Saturation አውርዱ። እኔ −85 ላይ አቆምኩ። እስከ −100 ድረስ አልሄድኩም፤ ቡናማ ራሱ ቀይ አለበትና ትንሽ ይቅር። ከዚያ በCurves ትንሽ ጨለም አደረግሁት። ክሩ፣ እጥፋቱ፣ ጥለቱ ሁሉ የራሷ ናቸው፤ አንዱም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከሥር ግን አሁን የሚታየው ቡናማ ነው። ከላይ የ80ና የ70 ነገር ያወራሁት ለዚህ ነበር።

የቀረው ነጸብራቅ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ብርድ ቢኖርም ብርሃኗ ጠንካራ ነው። ቀዩን ማሊያ መትታ በአባትየው ጋቢ ላይ ቀይ ብርሃን ጥላለች። ከልጁ በራቀው በኩል ጥላ ያለበት ጋቢ 205፣ 203፣ 198 ነው። ከማሊያው አጠገብ ያለው 210፣ 186፣ 181። ኮቱ ቡናማ ሆኖ ጋቢው ቀይ ከቀላ ውሸቱ ይታወቃል።

«አባቱን እንዳትነካ» ተብያለሁ፤ ይህ ደግሞ የአባትየው ጋቢ ነው። እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፤ ቅርጽ አልነካም፣ ቀለም ግን እመልሳለሁ፣ ለደንበኛውም እናገራለሁ። ሦስተኛ Group፣ Hue/Saturation፣ Reds ብቻ፣ ማስኩ በለስላሳ ብሩሽ። ያ የጠርዙ ሮዝ መስመርም እዚሁ ይጠፋል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የሰው ቆዳም ቀይ አለበት። የአባትየው እጅ ጋቢው ላይ ስላረፈ ማስኩ ሲነካው እጃቸው አመድ መሰለ። አጥፍቼ በትንሽ ብሩሽ ደገምኩት።

ድንበሩ እንዳልተገፋ ማረጋገጥ

ዓይናችሁን አትመኑ። ሁለት ሰዓት ያፈጠጠ ዓይን ምንም አያይም። Ctrl+Alt+Shift+E ተጫኑ፤ የሥራው ሁሉ ቅጂ በአንድ ሌየር ይወጣል። የዋናውን ፎቶ ቅጂ ከሱ በላይ አድርጉና ሞዱን Difference በሉት። ያልተቀየረ ፒክስል ሁሉ ጥቁር ይሆናል። የተቀየረው ብቻ ይበራል።

ትንሽ ለውጥ ግን በጣም ስለሚደበዝዝ ጥቁር መስሎ ያልፋል። ከላይ Levels ጨምሩና የቀኙን ነጭ ምልክት ከ255 ወደ 10 ሳቡት። አሁን ትንሿም ልዩነት ትጮሃለች። በእኛ ሥራ ኮቱ፣ የነጠላው ቦታና የጋቢው ጠርዝ በሩ፤ ይጠበቃል። ግን የአጎቱ አገጭ ሥርም አንዲት ጭረት በራች። የአንገቱን ጥላ ስቀባ ሌየሩ ከGroup ውጭ ሆኖ ኖሯል። መልሼ አስገባሁት፤ ጠፋች። በዓይን ቢሆን መቼም አላያትም ነበር።

ይህን የምታደርጉት ፎቶውን JPEG ከማድረጋችሁ፣ መጠን ከመቀየራችሁና አጠቃላይ ቀለም ከማስተካከላችሁ በፊት ነው። JPEG ራሱ ሁሉንም ፒክስል ትንሽ ትንሽ ስለሚነካ ከዚያ በኋላ ሙሉው ፎቶ ይበራና የናንተን ስህተት ከሱ መለየት አይቻልም።

እናትየው ሲመጡ ይህንኑ ጥቁር ምስል አሳየኋቸው። መሃሉ ላይ ጭንቅላት የሌለው ኮት እየበራ ነው። «ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አሉ፣ ሊያማትቡም ቃጣቸው። የጋቢውን ጠርዝና የነጠላውን ቦታ በጣቴ እያሳየሁ ከሌላው ሰው የተነኩት እነዚህ ብቻ ናቸው፣ እነሱም ቀለማቸው ብቻ ነው አልኳቸው። የሦስተኛውን Group ዓይን አጥፍቼ ከነቀዩ፣ አብርቼ ያለ ቀዩ አሳየኋቸው። ያለ ቀዩ ይታተም አሉ። 50 በ70 አተምነው። ዋናውን ፎቶ ደግሞ እንዳለ በዚያው ፍላሽ መለስኩላቸው።